አዲስ ለተሾሙ ዲያቆናት የአቀባበልና የአደራ ቃል፦ ለአጥቢያ አባቶች ዝርዝር መመሪያ

ይህ ጽሑፍ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ለሚያገለግሉ የደብር አስተዳዳሪዎችና ሰሞን ለሚመሩ ካህናት ነው። ልጆቹ ከሊቀ ጳጳሱ ዲቁና ተቀብለው ተመልሰዋል እንበል። የመጀመሪያው እሑድ ደርሷል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እናቶች እልል ይላሉ። እርስዎ ደግሞ ማይክ ይሰጥዎታል። ምን ይላሉ?

ብዙ ጊዜ የሚባለው ይታወቃል። ስለ ክህነት ክብር ረዘም ያለ ስብከት ይሰበካል፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ይነሣል፣ "በርቱ" ተብሎ በጭብጨባ ይዘጋል። ልጆቹ ግን ከዚያ ቆመው ሲሄዱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም። እኔ እንደማምነው የአደራ ቃል ዲያቆኑ በመጀመሪያው ሰሞኑ እጁ ላይ የሚያገኘውን ነገር ነው መናገር ያለበት። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ "ዛሬ መግባት አልችልም" ማለት የሚችልበትን በር መክፈት አለበት። የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

መጀመሪያ፦ ንግግሩን ለሁለት ይክፈሉት

በሕዝብ ፊት የሚባልና ለልጆቹ ብቻ የሚባል ነገር አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጓቸው ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለ ጾም፣ ስለ ሕልመ ሌሊት፣ ስለ ገንዘብ በዐውደ ምሕረት ላይ በዝርዝር ቢናገሩ ልጆቹ ያፍራሉ፤ ከማፈራቸው የተነሣም አይሰሙም። ምእመናኑም ልጆቹን በጥርጣሬ ማየት ይጀምራሉ።

በሕዝብ ፊት ያለው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይሁን። ዲያቆኑ "እትዉ በሰላም" ካለ በኋላ ሰው መበተን ስለሚጀምር፣ ከዋናው ስብከት በፊት ያድርጉት። ከ5 ደቂቃ አይለፍ። የጅማን ክረምት እናውቃለን፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ከጀመረ ማይኩም አያድንዎትም። ልጆቹም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

ለልጆቹ ብቻ የሚባለው በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ይሁን። በልተው፣ ጠጥተው፣ ትንሽ አርፈው ይምጡ። ዕቃ ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ፣ ሁሉም ተቀምጠው። እርስዎም አብረው ይቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ሁለተኛ፦ አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ነገር ያዘጋጁ

ያልተዘጋጀ ነገር ቃል ገብተው ከተናገሩ ልጆቹ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ይደርሱበታል። ስለዚህ ንግግሩን ከመጻፍዎ በፊት እነዚህን ይጨርሱ።

አንደኛው ተጠባባቂ ዲያቆን ነው። ለቅዳሴ በትንሹ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። ብዙ አጥቢያ ላይ የሰሞኑ ዲያቆናት ልክ ሦስት ናቸው። አሁን ራስዎን በልጁ ቦታ ያስቀምጡ። የ14 ዓመት ልጅ ነው። ሌሊት ሕልም መትቶታል፤ ወይም ጠዋት ረስቶ ውሃ ጠጥቷል። እሱ ከቀረ ቅዳሴው ይታጎላል። ካህናቱ ተዘጋጅተዋል፣ ሕዝቡ መጥቷል። ይህ ልጅ እውነቱን ይናገራል ብለው ያስባሉ? ልጁ የሚዋሸው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ መውጫ ስላላገኘ ነው። ስለዚህ በየሰሞኑ አራተኛ ዲያቆን ይመድቡ። ጾሞ፣ ተዘጋጅቶ፣ ቅድስት ውስጥ የሚያስቀድስ። ካልተፈለገ ቆርቦ ይሄዳል። አጥቢያው ዲያቆን ካጠረው ከጎረቤት አጥቢያ ጋር ይነጋገሩና በአንድ ስልክ የሚመጣ ሰው ይኑር።

ሁለተኛው የንስሐ አባት ነው። እያንዳንዱ አዲስ ዲያቆን የንስሐ አባቱ ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ከተቻለ ሰሞን የሚመራው ካህን ራሱ ባይሆን ይሻላል። ልጅ ነገ ሥራ የሚመድበውን ሰው ይፈራል። የሚፈራውን ሰው ደግሞ ሁሉን አይነግረውም።

ሦስተኛው የሚያስጠናው ሰው ነው። "ታላላቆቻችሁ ያሳዩዋችኋል" ማለት ማንም አያሳያቸውም ማለት ነው። አንድ የታወቀ ዲያቆን ወይም መሪጌታ ይመደብ፤ ቀንና ሰዓቱም ይቆረጥ።

ሦስተኛ፦ በሕዝብ ፊት የሚባለው

እዚህ ላይ ሦስት ሥራ አለ፤ ልጆቹን መቀበል፣ ለምን እንደተሾሙ በአንድ ጥቅስ ማሳየት፣ ለምእመናኑም አደራ መስጠት። የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ይረሳል። ልጁን በየቤቱ የሚያበላውም የሚያስጾመውም ግን ምእመኑ ነው።

ጥቅሱን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ቢወስዱ ለጅማ የሚስማማ ነገር ያገኛሉ። ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በምን ምክንያት ነበር? በዕለት ዕለቱ እደላ ላይ ከግሪክ አይሁድ ወገን የሆኑት መበለቶች ችላ ተባሉ ተብሎ ማጉረምረም ስለተነሣ ነው። በአንድ ጉባኤ ውስጥ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ወገን የተረሳ መሰለው። የእኛም ጉባኤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚጸልይ ነው። ዲያቆን የተሾመው ማንም እንዳይረሳ ነው ብለው ሲናገሩ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በርካታ ጥቅስ አይደርድሩ። ይቺ አንዷ ትበቃለች።

ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

"የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እነዚህ አራት ልጆች የእናንተው ልጆች ናቸው። በዓይናችሁ ፊት አድገዋል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ዲያቆን ብላችሁ ትጠሯቸዋላችሁ። 'ተንሥኡ ለጸሎት' ሲሏችሁ የምትነሡት ለእነርሱ አይደለም፤ ግን በእነርሱ አፍ ነው የምትጠሩት። ልጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የመጀመሪያዎቹ ዲያቆናት የተሾሙት በማዕድ ላይ የተረሱ መበለቶች ስለነበሩ ነው። እናንተም መቅደስ ስትገቡ በደጅ የቀሩትን አትርሱ። ደካማ አሮጊት ቦታ ስታጣ፣ ቋንቋው ያልገባው እንግዳ ሲቸገር፣ መጀመሪያ የሚያየው የእናንተ ዓይን ይሁን።

እናቶች፣ አባቶች፣ ለእናንተም አደራ አለኝ። እሑድ የሚቀድስ ልጅ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እህልም ውሃም አይቀምስም። ቡናም ያው ነው። በፍቅር ብላችሁ 'አንድ ስኒ ብቻ' አትበሉት። በሰፈራችን ቡና እምቢ ማለት ለልጅ ይከብደዋል፤ እናንተ ቀድማችሁ አግዙት። ቢሳሳትም በመንገድ ላይ አትገሥጹት፤ ለእኛ ንገሩን።"

ይህ በቀስታ ሲነበብ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። ከዚያ ልጆቹ በየስማቸው ይጠሩ፤ ከነክርስትና ስማቸው። የሚቀጥለው እሑድ የሚገባው ማን እንደሆነም ይነገር። ሕዝቡ ቀኑን ካወቀ ጸሎትም እርዳታም ያደርጋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በሕዝብ ፊት ልጆቹን አያወዳድሩ። "ይሄኛው ድምፁ ግሩም ነው" ካሉ የቀሩት ሦስቱ ሌላውን ሁሉ ረስተው ያቺን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ።

አራተኛ፦ ለልጆቹ ብቻ የሚባለው

እዚህ ነው ጊዜ መውሰድ ያለብዎት። ጾም፣ ንባብና ጽዋ፤ በዋናነት እነዚህን ሦስቱን ያንሡ።

ስለ ጾም ሲነግሯቸው ሰዓቱን አብረው ያስሉ። ደንቡ ከመቁረብ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ነው። ቀዳሽ ሁሉ ቆራቢ ስለሆነ ደንቡ ለዲያቆኑም ያው ነው። እሑድ ቁርባኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ወደ ኋላ 18 ሰዓት ሲቆጠር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ይመጣል። በጾም ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት ይሆንና ቁርባኑ ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ያኔ የመጨረሻው ምግብ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ነው፤ ጠዋት ምንም የለም። ተማሪ ከሆነ ባዶ ሆዱን ክፍል ውስጥ ይውላል ማለት ነው። ስለዚህ ፈተና ባለበት ቀን እንዳይመደብ እርስዎ ቀድመው ይጠይቁት። ልጁ ራሱ ሲያሰላ ይስሙት። ተራ በተራ "ቁርባኑ በዚህ ሰዓት ቢሆን መቼ ታቆማለህ?" ይበሉ። አንዱ ከተሳሳተ አሁን ይታረማል።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ይግቡ። የሚከለክል ነገር ሲገጥም ምን ይባላል? እህል መቅመስ፣ ሕልመ ሌሊት፣ የሚደማ ቁስል፣ ነስር። እነዚህን በግልጽ ስማቸውን ይጥሩ። አፍረው ካለፏቸው ልጁም አፍሮ ያልፋቸዋል። ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይስጧቸው፦

"አባ፣ ዛሬ አልገባም።"

ይኸው ነው። ምክንያት አይጨመርበትም። እርስዎም በበኩልዎ እንዲህ ብለው ቃል ይግቡላቸው፦

"ልጆቼ፣ ይህን ካላችሁኝ ለምን ብዬ አልጠይቃችሁም። ሌላውም ካህን አይጠይቃችሁም፤ ነግሬያቸዋለሁ። ተጠባባቂው ይገባል። ምክንያቱን ለንስሐ አባታችሁ ትናገራላችሁ። ልብስ ከለበሳችሁም በኋላ ቢሆን ንገሩኝ። አፍራችሁ ከምትገቡ ዘግይታችሁ ብትናገሩ ይሻለኛል።"

"ነግሬያቸዋለሁ" ካሉ በእርግጥ ለካህናቱ ነግረው መገኘት አለብዎት። አንድ ካህን በዕቃ ቤት ውስጥ "ደግሞ ዛሬ ምን ሆንክ?" ብሎ ቢስቅ ቃልዎ በዚያው ያበቃል። ያ ልጅ ዳግመኛ አይናገርም፤ ያዩት ሦስቱም እንዲሁ።

ሁለተኛው ንባብ ነው። ሠራዒው ዲያቆን የጳውሎስን መልእክት፣ ንፍቁ ዲያቆን የሌሎቹን ሐዋርያት መልእክት ያነባል። የሐዋርያት ሥራ የንፍቁ ካህን ድርሻ ነው። ከወንጌል በፊት ምስባኩን የሚሰብከው ዲያቆኑ ነው። አዲስ ዲያቆን የሚደነቅፈው አብዛኛውን ጊዜ ግጻዌውን ያየው እዚያው አትሮንሱ ላይ ስለሆነ ነው። አደራው እንዲህ ይሁን፦ "ዐርብ ማታ ግጻዌውን ክፈቱ። የእሑዱን ምዕራፍና ቁጥር ጻፉ። ቅዳሜ ጮክ ብላችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡት።" በአፋን ኦሮሞ የሚነበብ ከሆነ ቋንቋው አፉን የፈታበት ልጅ ያንብብ። ፊደሉን እየቆጠረ የሚያነብ ሰው እዚያ መቆም የለበትም፤ ያ ለአድማጩ መረሳት ነው።

"ውስተ ጽባሕ ነጽሩ" እና "እለ ትነብሩ ተንሥኡ" ላይም አንድ ነገር ይበሉ። ልጆች ዜማውን ለማሳመር ሲጨነቁ ቃሉ ይዋጣል። እነዚህ ትእዛዞች ናቸው። ከኋላ ያለችው አሮጊት ሰምታ መነሣት አለባት። ማይክ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ማይኩን ሳይነኩ እንዲለማመዱ ያድርጉ። አፍ በጣም ሲቀርብ ድምፁ ይጮኻል እንጂ አይሰማም።

ሦስተኛው ጽዋው ነው። ካህኑ ሥጋውን ሲያቀብል ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል ያቀብላል። ለአዲስ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አይስጡት። መጀመሪያ አምስተኛ ሆኖ መብራት ይያዝ፣ ቃጭል ይምታ። ከቤተ ልሔም መሶበ ወርቁ ሲወጣ መንገዱን፣ ደረጃውን፣ የልብሱን ርዝመት ይወቅ። ልብሰ ተክህኖ ለልጅ ሲረዝም ይረገጣል፤ ቄሰ ገበዙ በቁመቱ የሚሆን ይፈልግለት። ከዚያ ንፍቅ ይሁን። እጁ ሲረጋ ሠራዒ ይሆናል። በአደራው ጊዜ ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ይነገረው፦ "ጠብታ ቢወድቅ ባላችሁበት ቁሙ። አትጥረጉ፣ አትርገጡ፣ አትደብቁ። ለካህኑ ወዲያው ንገሩ። የቀረው የካህኑ ሥራ ነው።"

የማይገባቸውንም በአጭሩ ይንገሯቸው። ዲያቆን አይባርክም፣ አያናዝዝም፣ አያጠምቅም። ሰፈር ውስጥ አሮጊት "ባርከኝ ልጄ" ብትለው ወደ ካህን ይመራታል። ስለ ጋብቻም በተክሊል መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ድንግልናውን መጠበቅ እንዳለበት ያስታውሷቸው። ይህን ለትልልቆቹ በተናጠል ማስረዳት ይሻላል።

ገንዘብን በተመለከተ ደግሞ ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ዲያቆናት "በሁለት ቃል የማይናገሩ"፣ ነውረኛ ረብም የማይወዱ ይሁኑ ብሏል። ይህን ወደ ጅማ ኑሮ ያውርዱት። በክርስትናና በፍትሐት ላይ ሰው ብር ያስጨብጣቸዋል። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ከሆነ ለሰበካ ጉባኤ ገቢ ይሆናል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል። ለአገልጋዮች የተሰጠ ከሆነ ማን ይዞ እንዴት እንደሚካፈል በግልጽ ይናገሩ። ይህ ካልተነገረ በዲያቆናት መካከል የመጀመሪያው ጠብ ከዚህ ይነሣል።

አምስተኛ፦ ለእያንዳንዱ አንድ ቃል

አራት ልጆች አሉዎት እንበል። አንደኛው ከዴዶ በኩል የመጣ የአብነት ተማሪ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያድራል። ሁለቱ የከተማ ልጆች፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። አራተኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ነው።

ለአብነት ተማሪው የሚባለው ስለ ዜማ አይደለም። ዜማውን ከሁላቸውም ይበልጥ ያውቃል። እሱን የሚያሳስበው እንጀራ ነው። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚጾም ልጅ ከ9 ሰዓት በፊት ምን በላ? ስለዚህ "ቅዳሜ ምሳህ እገሌ ቤት ነው" ብለው አዘጋጅተው ይንገሩት። የሚጠይቅለት ሰው ስለሌለ አራቱም ሰሞን እሱ ላይ እንዳይወድቅም ይጠብቁት። ግቢ ውስጥ ያለ ልጅ ሁልጊዜ የሚጠራ ነው፤ ትምህርቱ ይቀራል።

ለሁለቱ የከተማ ልጆች የሚባለው ስለ ሌሊቱ መንገድ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከቤት ሲወጡ ጨለማ ነው፣ ጭቃም አለ። ሁለቱ ተጠራርተው ይምጡ ወይም አባት ያድርስ። ስልካቸው ዕቃ ቤት ይቀራል። በግዕዝ ተሰጥዖ ደካማ ከሆኑ ረቡዕ ማታ ከአብነት ተማሪው ጋር ይጥኑ። ይህ ለእርሱም ክብር ነው፤ አስተማሪ ይሆናል።

ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚባለው ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ሴሚስተሩ ሲዘጋ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ከመሄዱ ሁለት ሳምንት በፊት ያሳውቅ። በሄደበት አጥቢያ እንዲያገለግል ከእርስዎ ደብዳቤ ይያዝ። ያለ ደብዳቤ የሄደ ዲያቆን ወይ መቅደስ አይገባም፣ ወይ ማንነቱ ሳይጣራ ይገባል፤ ሁለቱም ጥሩ አይደለም።

እነዚህን ቃላት ለየብቻ፣ በደጃፉ ላይ ቆመው ይንገሯቸው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ነው።

ስድስተኛ፦ ቃሉ መግባቱን ማወቅ

ከሳምንት በኋላ አንዱን ይጥሩና "ባለፈው ምን አልኳችሁ?" ይበሉት። "ስለ ክህነት ክብር" ካለዎት ንግግርዎ አልያዘም። ሰዓቱን፣ ግጻዌውን፣ "ዛሬ አልገባም" የሚለውን ካነሣ ይዟል።

ከዚያ ሰሞኑን ይከታተሉ። ብዙ ወር አገልግሎ አንድም ቀን "ዛሬ አልገባም" ያላለ ወጣት ካለ ደስ አይበልዎት፤ በቀስታ ያነጋግሩት። በሌላ በኩል ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ የሚታመም ልጅ አለ። እሱም የሚከብደው ነገር አለ። ምናልባት ንባቡን ፈርቷል፣ ምናልባት አንድ ታላቅ ዲያቆን ያዋርደዋል። በሁለቱም ጊዜ ጥያቄው ከንስሐ አባቱ በኩል ቢመጣ ይሻላል። የንስሐ አባቱ የሰማውን ለእርስዎ አይነግርዎትም፤ አይጠይቁትም። ልጁን ግን ይረዳዋል።

ተጠባባቂው ስንት ጊዜ እንደገባ ቄሰ ገበዙ ምልክት ያድርግ፤ ምክንያት ሳይጻፍ። ተጠባባቂው በጭራሽ የማይገባ ከሆነ አንድም ልጆቹ እየደበቁ ነው፣ አንድም ካህናቱ እየከለከሏቸው ነው።

ቃሉን በዓመቱ ለማደስ ጥቅምት 17 ጥሩ ቀን ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ሊቀ ዲያቆናት ሆኖ የተሾመበት መታሰቢያ ነው። በዚያ ቀን አዲሶቹንም ነባሮቹንም አንድ ላይ ይሰብስቡ። ጾሙን፣ ንባቡንና ጽዋውን እርስዎ ሳይሆን አምና የተሾሙት ለዘንድሮዎቹ ይንገሯቸው። የተጠባባቂውን ዝርዝርም በዚያው ዕለት አድሰው በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።